በቃለ ጉባኤ ላይ ስማችሁ ሲሳሳት ለባልደረባ የሚላክ ኢሜይል፦ አሠራሩ ከነምሳሌው

«ስሜን በየስብሰባው አሳስታ ትጠራዋለች፣ ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያው ትጽፈዋለች፤ ሳላስቀይማት ምን ብዬ ልጻፍላት?» አዳማ ቢሮአችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ቃለ ጉባኤ ስይዝ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የሰው ስም በማሳሳት በኩል ልምድ አለኝ። የእርማት ኢሜይልም በብዛት ደርሶኛል። አንዳንዱን አንብቤ ወዲያው አስተካክዬዋለሁ፤ አንዳንዱን ደግሞ ሁለቴ አንብቤም ምን እንደተፈለገብኝ አልገባኝም። ከዚህ በታች ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ኢሜይል አጻጻፍ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻ እንሂድ። ባለጉዳይዋን ጫልቱ ዱጉማ እንበላት። የምትሠራው አዳማ ቅርንጫፍ ነው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ማርታ ያለችው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሆን የሚገናኙት በኦንላይን ስብሰባ ብቻ ነው። የጫልቱ የኢሜይል አድራሻ ሲከፈት ስሟ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ Caaltuu Dhugumaa ተብሎ ገብቷል። ማርታ ይህን በእንግሊዝኛ ልማድ አንብባ «ካልቱ» ትላታለች፤ ቃለ ጉባኤው ላይም «ካልቱ ድሁጉማ» ብላ ትጽፋለች። ስብሰባ ላይ «ካልቱ፣ አለሽ?» ሲባል ጫልቱ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዝም ያለችበት ጊዜ አለ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «አልተገኘችም» ተብሎ ወጣ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃለ ጉባኤዎች (ፋይሉ እንጂ የታተመው አይደለም፤ በውስጡ መፈለግ ይኖርባችኋል)
- መታወቂያችሁ፣ ወይም ስማችሁ በፊደልም በላቲንም የተጻፈበት ሌላ ሕጋዊ ሰነድ
- የራሳችሁ ስም በኢሜይልና በኦንላይን ስብሰባ ላይ ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ ምስል፤ አንድ ባልደረባ ከስልኩ ስክሪን ሾት አንስቶ ይላክላችሁ
- ድምፅ የምትቀዱበት ስልክ
- ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ

1. ስሕተቱ ከየት እንደሚነሳ እወቁ

ኢሜይሉን ከመጻፋችሁ በፊት ሦስቱን ቃለ ጉባኤዎች ጎን ለጎን ክፈቱና ስማችሁ የት የት ቦታ እንዳለ ተመልከቱ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ስሕተቱ ወር ሳይሞላው ተመልሶ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሦስቱም ላይ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ከሆነና የተሰብሳቢዎች ዝርዝር ውስጥ ያው ተራ ቁጥር ላይ ከተቀመጠ፣ ጸሐፊዋ በየጊዜው እየተሳሳተች አይደለም። ያለፈውን ስብሰባ ፋይል ከፍታ፣ ቀኑን ቀይራ፣ ዝርዝሩን እንዳለ ትጠቀምበታለች። እኛ ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። በዚህ ጊዜ «የዚህን ሳምንቱን አስተካክዪልኝ» ብትሉ የዚህ ሳምንቱ ብቻ ይስተካከላል፤ የሚቀጥለው ግን ከአሮጌው ዝርዝር ይገለበጣል። ስለዚህ የምትጠይቁት ዝርዝሩ ራሱ እንዲታረም ነው።

በሦስቱ ላይ ሦስት ዓይነት ስሕተት ካገኛችሁ ደግሞ ጸሐፊዋ ስማችሁን በጆሮዋ ሰምታ ነው የምትጽፈው። የሚያስፈልጋት ቅጂ የምታደርገው ትክክለኛ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ልክ ሆኖ አጠራሩ ብቻ ከተበላሸ የቃለ ጉባኤውን ጉዳይ ኢሜይሉ ውስጥ ጭራሽ አታንሱት።

አንዳንዴም የስሕተቱ ምንጭ ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ጫልቱ ስታየው ማርታ የጻፈችው ስክሪኑ ላይ የምታየውን ነው። ይህን ቀድማ ማወቋ የኢሜይሏን አነጋገር ለወጠው፤ «ስሜን አበላሻችሁት» ልትል የነበረችው «ኢሜይሌ ላይ በቁቤ ስለተጻፈ ነው» አለች።

2. ለእያንዳንዱ አጻጻፍ አንድ ቅርጽ ቁረጡ

አዳማ ውስጥ የአንድ ሠራተኛ ስም በሦስት መልክ ይዞራል፤ በፊደል፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ። ችግሩ ቁቤና እንግሊዝኛ ፊደላቸው አንድ መስሎ ንባባቸው የተለያየ መሆኑ ነው። በቁቤ C «ጭ» ነው፤ «ች» የሚጻፈው በ ch ነው። X «ጥ» ነው፣ Q «ቅ» ነው። አናባቢ ሲደገም ድምፁ ይረዝማል፤ ተነባቢ ሲደገም ይጠብቃል። ቁቤ ያልተማረ ሰው Caaltuu የሚለውን «ካልቱ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ስለዚህ ሦስቱንም በወረቀት ላይ አስቀምጡ፦

- በፊደል፦ ጫልቱ ዱጉማ
- በቁቤ፦ Caaltuu Dhugumaa
- በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፦ Chaltu Duguma

ከዚያ ቃለ ጉባኤው የሚጻፍበትን አንዱን ብቻ መርጣችሁ ኢሜይሉ ውስጥ አስገቡ። ሦስቱንም ብትልኩ ጸሐፊዋ የትኛውን እንደምትጠቀም እንደገና መምረጥ ይኖርባታል።

የፊደሉን ቅርጽ ከመታወቂያችሁ ውሰዱ። ቃለ ጉባኤ ከስብሰባው ውጭም ይሠራል፤ የባንክ ሂሳብ ፈራሚ ሲመረጥ ወይም ውክልና ሲሰጥ ባንኩ በቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር ያመሳክራል። «ካልቱ» የሚል ቃለ ጉባኤና «ጫልቱ» የሚል መታወቂያ ይዛችሁ መስኮት ላይ ብትቆሙ «አስተካክላችሁ ኑ» መባላችሁ አይቀርም።

የ Dh ድምፅ በፊደል ዸ፣ ዹ፣ ዺ እያለ የሚሄድ የራሱ ቤት አለው፤ ኮምፒዩተርም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ መታወቂያችሁ ላይ በ«ዱ» ከተጻፈ በ«ዱ» ጻፉት። «ዹ» ብላችሁ ብትልኩ ብዙው የስልክ ኪቦርድ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ጸሐፊዋም መጨረሻ ላይ ወደሚቀላት ትመለሳለች።

በነገራችን ላይ ይህ የኦሮምኛ ስም ላላቸው ብቻ የሚሆን አይደለም። ስማችሁ ፀሐይ ከሆነ ጸሃይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ እየተባለ ሊጻፍ ይችላል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። Ctrl+F ተጭኖ «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሃይ»ን አያገኛትም። በተገላቢጦሹም፣ በኦሮምኛ በሚያዝ ቃለ ጉባኤ ላይ ጥላሁን የተባለ ሰው ስሙን Tilahun ብሎ ከሰጠ በቁቤ ንባብ «ት» ይሆንበታል፤ የቁቤው Xilaahun ነው። ቁቤ የማታውቁ ከሆናችሁ አጠገባችሁ ያለውን ባልደረባ ጠይቁ፤ በግምት አትጻፉ።

3. አጠራሩን በሚታወቅ ቃል አስረዱ

አጠራርን በቃላት ማስረዳት አስቸጋሪ የሚመስለው ሰው ስለ ምላስና ስለ ጉሮሮ ማብራራት ሲጀምር ነው። የሚሠራው ዘዴ ሁሉም የሚያውቀውን ቃል መጥራት ነው፦ «ጫ፣ እንደ ጫማ ጫ»። ማርታ ይህን አንብባ ልትሳሳት አትችልም።

የብዙ ስም ችግር ግን መጥበቅና መላላት ላይ ነው፤ ፊደላችን ይህን አያሳይምና። ገመቹ የሚለው ስም በቁቤ Gammachuu ነው፤ «መ» ይጠብቃል። በፊደል ያየው ሰው ግን አላልቶ ሊያነበው ይችላል። በዚህ ጊዜ «መ ጠብቆ ይነበባል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል። መዝገበ ቃላት ላይ የሚጠብቀውን ፊደል ለማመልከት አናቱ ላይ ነጥብ ይደረጋል፤ ኢሜይል ላይ ግን አትሞክሩት፤ በብዙ ስልክ ላይ ነጥቡ ቦታውን ይስታል ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል።

የምትጠይቁት ሰሚው ሊያወጣው የሚችለውን ድምፅ ይሁን። Dh በአማርኛ የለም፤ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ ወደ ውስጥ የሚሳብ ድምፅ ነው። ኦሮምኛ ያላደገበትን ሰው በኢሜይል ልታስተምሩት አትችሉም። ጫልቱ «ዱጉማ ብትዪ ይበቃል» ብላ ወሰነች፤ «ካልቱ» የሚለው ላይ ግን አልለቀቀችም። እኔ ብሆንም የማደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከጠየቃችሁ አንዱ ይስተካከላል፤ ሁለት ከጠየቃችሁ ሰው ስማችሁን መጥራት ራሱ ይፈራና «የአዳማዋ» ማለት ይጀምራል።

ከዚያ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ቅዱ። ስማችሁን ብቻ፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ቀስ ብላችሁ፣ አንዴ በተለመደው ፍጥነት። ከአምስት ሰከንድ አይብለጥ። ማብራሪያ ከጨመራችሁበት ጸሐፊዋ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ደግማ ልታዳምጠው አትችልም።

4. መጀመሪያ የራሳችሁን በኩል አስተካክሉ

ኢሜይሉ ሲደርሳት ላኪው ላይ አሁንም Caaltuu Dhugumaa ብቻ ካለ፣ ውስጡ የጻፋችሁት ከላይ ካለው ጋር ይጣላል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የሚታየውን ስም «ጫልቱ ዱጉማ / Caaltuu Dhugumaa» አስደርጉ። የመሥሪያ ቤት አድራሻ ከሆነ ራሳችሁ መቀየር ላትችሉ ስለምትችሉ የአይቲ ባለሙያውን ጠይቁ። ኦንላይን ስብሰባ ስትገቡ የምትጽፉትንም ስም እንዲሁ አድርጉት፤ ጸሐፊ ማን እንደገባ የሚይዘው ከዚያ ላይ እያየ ነው።

5. አንቺ፣ አንተ ወይስ እርስዎ?

ኮሪደር ላይ ወይም ስልክ ላይ የምትጠሩበትን አትቀይሩ። ማርታን ሁልጊዜ «አንቺ» ስትሏት ኖራችሁ በጽሑፍ «እርስዎ» ብትሏት አክብሮት አይመስላትም፤ የተቆጣችሁ ነው የሚመስላት። አማርኛ ላይ ድንገት መራቅ የኩርፊያ ምልክት ነው። ተቀባዩ በዕድሜ ወይም በሥራ ደረጃ የሚበልጣችሁና «እርስዎ» የምትሏቸው ከሆኑ ደግሞ እንደዚያው ቀጥሉ፤ «ቢያስተካክሉልኝ» ይሆናል።

6. ኢሜይሉን ጻፉ

ጫልቱ የላከችው ይህን ይመስላል፦

> ርዕስ፦ የሐሙስ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የስም እርማት
>
> ሰላም ማርታ፣
>
> የሐሙሱ ቃለ ጉባኤ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ።
>
> በተሰብሳቢዎች ዝርዝር ተራ ቁጥር 7 ላይና ውሳኔ 3 ላይ ስሜ «ካልቱ ድሁጉማ» ተብሎ ገብቷል። ትክክለኛው ይህ ነው፦
>
> ጫልቱ ዱጉማ
>
> ኢሜይሌ ላይ Caaltuu የሚለው በቁቤ ስለተጻፈ ነው፤ በቁቤ C «ጭ» ተብሎ ይነበባል። ሲጠራ «ጫ» እንደ ጫማ ጫ ነው። በቴሌግራም በድምፅም ልኬልሻለሁ።
>
> ሰኞ ከመጽደቁ በፊት ብታስተካክዪልኝ፣ በየስብሰባው የምትጠቀሚበት ዝርዝር ላይም ብትቀይሪልኝ ደስ ይለኛል።
>
> ጫልቱ ዱጉማ
> አዳማ ቅርንጫፍ

አሁን ግሦቹን እንያቸው፤ ትሕትናው ያለው እነሱ ላይ ነው። «ስሜን አሳስተሽ ጽፈሻል» ቢባል አድራጊዋ ማርታ ናት፤ ጣት ወደ እሷ ይቀሰራል። «ስሜ … ተብሎ ገብቷል» ሲባል ግን ስሕተቱ አለ፣ ባለቤቱ አልተጠራም። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የሚያመው የመጀመሪያው ነው። እንዲሁም «አስተካክዪው» ትእዛዝ ነው፤ «ብታስተካክዪልኝ» ግን «ብት…»ም «…ልኝ»ም ስላለበት ውለታ መጠየቅ ይሆናል። «እባክሽ»ን ሦስቴ ከመደርደር ይህ ይሻላል። «እባክሽ አስተካክዪው» አሁንም ትእዛዝ ነው፣ የታሸ ትእዛዝ ቢሆንም።

ትክክለኛው ስም ለብቻው መስመር ላይ የተቀመጠው ለማማር አይደለም። ጸሐፊዋ በአንድ ጊዜ መርጣ ቅጂ እንድታደርገው ነው። ዓረፍተ ነገር መሐል ቢሆን ኖሮ ጥቅሱን ወይም ነጠላ ሰረዙን አብራ ትወስደዋለች፤ አለዚያም ራሷ ትጽፈውና አዲስ ስሕተት ይፈጠራል። የተሳሳተውም አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሷል፤ በፍለጋ ፋይሉ ውስጥ እንድታገኘው። ከአንድ ጊዜ በላይ ከጻፋችሁት ዓይን ላይ የሚቀረው እሱ ይሆናል።

«ተራ ቁጥር 7» እና «ውሳኔ 3» መባሉም አይቅር። ይህ ባይኖር ማርታ ዝርዝሩን አስተካክላ ውሳኔው ላይ ያለውን ትተወው ነበር።

7. ለእሷ ብቻ፣ በጊዜው ላኩ

ተቀባይ መስመር ላይ የማርታ አድራሻ ብቻ ይግባ። ቃለ ጉባኤው ለሃያ ሰው ተልኮ ከሆነ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን እንዳትነኩ። አነጋገራችሁ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ሃያ ሰው ፊት የተነገረ እርማት ወቀሳ ነው።

የሚሻለው ጊዜ ረቂቁ በተላከበት ቀን ነው፤ ፋይሉ ገና እጇ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ያለፈው ቃለ ጉባኤ የሚጸድቀው በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ማስተካከል ቀላል ነው።

ጥንቃቄ

የጸደቀና የተፈረመ ቃለ ጉባኤ በኢሜይል ጥያቄ አይቀየርም። ጸሐፊዋ «እሺ» ብላ ፋይሉን ብትቀይረው እንኳ የተፈረመው ወረቀትና ፋይሉ ይለያያሉ፤ በኋላ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ያኔ የምትጠይቁት «በሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ ላይ የስም እርማት ተብሎ ይያዝልኝ» ብላችሁ ነው። የታተመው ላይ በማጥፊያ ቀለም አትቀቡ።

ፋይሉ በጋራ የሚከፈት ከሆነና የማረም ፈቃድ ቢኖራችሁም ራሳችሁ ገብታችሁ አታስተካክሉት። ማን ምን እንደቀየረ ይመዘገባል፤ ስም ብቻ ብትነኩም ውሳኔ የነካችሁ ሊመስል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚደርሱኝ ስሕተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ይቅርታ ማብዛት ነው። «በጣም ይቅርታ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ጊዜ ከሌለሽም ተዪው» የሚል ኢሜይል ሲደርሰኝ እኔም ትቼዋለሁ፤ «ተዪው» ተብያለሁኣ! «ካልቱ የምትባለው ደግሞ ማን ናት?» የሚል ቀልድም ይመጣል፤ ፊት ለፊት ያስቃል፣ በጽሑፍ ግን ፈገግታው አይታይም። የስሙን ትርጉም፣ ማን እንዳወጣውና በምን ምክንያት እንደሆነ በአንድ ገጽ የሚተርኩም አሉ። ወሬው ደስ ይላል፣ እርማቱ ግን ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። ስሙን በምስል የሚልኩም አሉ፤ ከምስል ላይ ቅጂ ማድረግ ያስቸግራል።

አንድ ሌላ ደግሞ አለ። አንዳንድ ፎርም «የመጨረሻ ስም» ስለሚል ጸሐፊው «ወ/ሮ ዱጉማ» ብሎ ይይዛል። ዱጉማ አባቷ ናቸው። ይህም ካጋጠማችሁ «በእኔ ስም፣ ወ/ሮ ጫልቱ ተብሎ ይያዝልኝ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ወ/ሪት ከሆናችሁም እዚያው ላይ ተናገሩ፤ ለዚህ ብቻ ሌላ ኢሜይል አትላኩ።

8. ከተስተካከለ በኋላ፣ ወይም ካልተስተካከለ

አዲሱ ረቂቅ ሲመጣ ስማችሁን በፍለጋ አረጋግጡ፤ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ፈልጉ። «ካልቱ» ብላችሁ ስትፈልጉ ምንም ካልወጣ አለቀ ማለት ነው፤ «አየሁት፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ መልሱላት።

ስብሰባ ላይ «ካልቱ» ከተባለ እዚያው፣ ቃሉ ሳይቀዘቅዝ፣ «ጫልቱ፣ አለሁ» ብላችሁ ግቡ። ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ድምፁን በድምፅ ነው የምታርሙት። ምላስ ልማዱን የሚተወው ቀስ በቀስ ስለሆነ ሁለት ሦስት ስብሰባ መታገስ ግድ ነው። ጽሑፉ ግን በሁለተኛው ወርም ካልተለወጠ ሁለተኛ ኢሜይል አትጻፉ፤ ደውሉ። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ውይ፣ ዝርዝሩን የሚይዘው እኮ ሌላ ሰው ነው» የሚል ነው። ያንን የመጀመሪያውን ኢሜይል ለእሱ እንድታስተላልፈው ጠይቋት።